ረቡዕ፣ ወፍጮው ሲጮኽ

አያቴ ዱቄት መላሙን የሚያውቀው በሁለት ጣቱ አሽቶ ነው። የቀረውን ነገር ሁሉ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲያንሰው፣ ድንጋዩ ሲደንዝ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ስኳር ስልስ። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ እጅጌውን ይዞ ሲጎትተው፣ ሸሚዙ ባይቀደድ ኖሮ ዛሬ አንድ እጅ ስላለው ባለወፍጮ ነበር የማወራችሁ። ደግነቱ ሸሚዙ አሮጌ ስለነበር ተቀደደ። «ድህነት አዳነኝ» እያለ ለመጣው ሁሉ ሲቀልድ ዋለ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን ያንን እጁን እያገላበጠ ሲዳስሰው አየሁት። እኔ መኖሬን አላወቀም። አሁንም አላወቀም፤ ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ ተሰብስበው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይመጣሉ። ሞራውን አውጥተው በቦታው ብርሃን ያስገባሉ አሉ። ለየሰፈሩ አንድ አንድ አውቶብስ ይልካሉ፣ የቀረ ሰው ደግሞ የከርሞ ሰው ይበለን ብሎ ይቀመጣል። አያቴ ይህንን ከጤና ጣቢያው ነርስ ከሰማ ወዲህ ወፍጮ ቤታችን ወፍጮ ቤት መሆኑ ቀረ። እህሉን ወረፋ አስይዞ የሚጠብቀውን ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ፊት ለፊቱ እያስቀመጠ፣ «ይህ ጣቴ ስንት ነው?» ይላል። ራሱ ጣቱን አያየውም። ሦስት ዘርግቶ ሰውየው «ሁለት» ሲለው፣ ወደኔ ዞሮ «ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ሳቅኩ እንጂ ሥራው የሚያስቅ አልነበረም። መርፌ የፈራ ነበር፣ ቢላዋ የፈራ ነበር፣ «ያረጀ ዓይን ምን ሊያይ ብሎ ይታከማል» ያለም ነበር። ከወንዙ ማዶ ብቻውን የሚኖረው አናጢ፣ ሚስማሩን ስቶ ጥፍሩን መምታት ከጀመረ ዘመን ያለፈው፣ ወር ሙሉ እንቢ ሲል ከረመ። አያቴ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነገር ነበር የሚለው፤ «እኔ አብሬህ ነኝ፣ እኔ አብሬሽ ነኝ፣ ሲያወጡልን አጠገብህ ተኝቻለሁ።» እንዲህ እያለ አንድ አውቶብስ የሚሞላ ሰው አዘጋጀ። ቀኑ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተባለ። ዓርብ ስምንት ሰዓትን ሁሉም እንደ ልጁ ስም ያዘው።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ላብ በላብ ሆና መጣች። ሐኪሞቹ ፕሮግራማቸውን ቀይረዋል። አውቶብሱ የሚመጣው ዓርብ ሳይሆን ረቡዕ ነው፣ ከሰዓት ሳይሆን ማለዳ ጎህ ሲቀድ ነው። እሑድ የሰፈሩ ስብሰባ ስላለ እዚያ ይነበብላቸዋል ብላ የጻፈችውን ወረቀት አወጣች። እኔን የፈለገችኝ በንጹሕ እንድገለብጥላት ነበር። የሐኪም ቤት ጽሕፈት ታውቃላችሁ፤ ዶሮ የሄደችበት ጭቃ ነው። የሚያነበው ሰው ደግሞ የአውቶብስ መናኸሪያው ጠሪ ነው፣ ቅጽል ስሙ ጡሩምባ። ድምፁ ማጉያ አያሻውም፣ ግን ጭቃ ማንበብ አይችልም።

እየገለበጥኩ ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ቀደም ሲል ዓርብ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እንደሚካሄድ ተገልጾ የነበረው የዓይን ሞራ ሕክምና ጉዞ፣ በባለሙያዎቹ የጊዜ ሰሌዳ ላይ በተፈጠረው ለውጥ ምክንያት ወደ ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተዛወረ መሆኑን እያሳወቅን፣ ተመዝጋቢዎች ፊታቸውንና ፀጉራቸውን ታጥበው፣ አንድ አስታማሚ ይዘው…» እያለ ይቀጥላል። ትንፋሽ ሳጣ አቆምኩ።

አያቴ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ታዲያ መቼ ሆነ?»

«አሁን አነበብኩልህ እኮ። አንተ ንገረኝ።»

ትንሽ አሰበና «ዓርብ» አለ።

ደግሜ አነበብኩ። አሁን ደግሞ በኩራት «ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት» አለ። ሳቅ አፈነኝና ነርሷን አየኋት። ነርሷ አልሳቀችም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ይህ ሰው የአውቶብሱ ሁሉ አለቃ ነው፤ እሱ ቀዝቀዝ ባለ ወፍጮ ቤት ተቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ ተነብቦለት እንዲህ ካለ፣ እነዚያ በአዳራሽ ጫጫታ መሃል አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰሙትስ? ወረቀቱን ወስደው እንዳያዩት፣ ዓይን ቢኖራቸው ኖሮ ማስታወቂያውም ባላስፈለገ። የወደቀ ሳንቲም ጎንበስ ብሎ ይፈለጋል፤ ያመለጠ ቃል ግን የት ይፈለጋል?

ለምን በስልክ አንነግራቸውም አልኳት። ግማሾቹ ስልክ የላቸውም፣ የቀሩት ስልካቸው ከልጃቸው ኪስ ነው አለች። ቤት ለቤት ልዙር አልኩ። አንዱን እጁን ይዤ አመጣለሁ፣ አውቶብስ ሙሉ ሰው ግን ከዳገቱ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከየጉራንጉሩ ማን ያመጣል? እሷም ብቻዋን ናት፣ እኔም ብቻዬን ነኝ።

አያቴ በጣም በቀስታ ተናገረ። «እኔ ነኝ ከቤታቸው የጎተትኳቸው። ከነዚህ አንዱ እኛ በደንብ ባለመናገራችን ከቀረ፣ እኔም አልሳፈርም።»

ነርሷ ልትቀልድበት ሞከረች። እኔ አልሞከርኩም፤ አያቴን አውቀዋለሁ። የሚጮህበት ነገር ያልፍለታል፣ በቀስታ የሚናገረው ግን አያልፍም። ስለዚህ ያ ወረቀት ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ወረቀት አልነበረም፣ የአያቴ ሁለት ዓይን ነበር። እኔ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ወፍጮ ቤት የገባሁ ልጅ ነኝ፤ ድርሰት ላይ መምህሬ ሁልጊዜ «ረዘመ» ብላ በቀይ ትጽፍብኝ ነበር።

ብዕሬን አነሳሁና መሰረዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምክንያቱን ሰረዝኩ። ለምን ተቀየረ የሚለው ለሐኪሞቹ ነው የሚጠቅመው። አስታማሚ ያዙ፣ ታጠቡ የሚለውንም ሰረዝኩ፣ ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «ሳይታጠቡ ሊመጡ ነው?» አለች። አንቺው አውቶብሱ ውስጥ ፊታቸውን እጠቢያቸው፣ ጆሮ እንደ እፍኝ ነው፣ ከሞላ በኋላ የምትጨምሪው መጀመሪያ ያስገባሽውን ነው የሚያፈስሰው አልኳት። ተኮሳተረችና እጄን ለቀቀችው።

ከዚያ ዓርብ ላይ ደረስኩ። ዓርብን ባነሳሁ ቁጥር አያቴ ዓርብን ነው የሚይዘው። የለመደው ስለሆነ፣ እንግዳው ረቡዕ በር ላይ ቆሞ ሳለ ዓርብ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ዓርብን አጠፋሁት። ነርሷ አሁንም አልተስማማችም። ዓርብ መቅረቱ ካልተነገራቸው ሁለት ጉዞ ያለ ይመስላቸዋል፣ «የኔ የዓርቡ ነው» ብለው ይቀመጣሉ አለች። እውነቷን ነበር። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ስሙን ሳንጠራ ልንሸኘው ተስማማን፤ «የተነገራችሁ ቀን ተቀይሯል። የድሮውን እርሱት።»

ቀጥዬ «ከሦስት ቀን በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። አያቴ ሰማና ከት ብሎ ሳቀ። «ሰኞ አንዷ ለጎረቤቷ ከሦስት ቀን በኋላ ብላ ብትነግራት፣ ጎረቤቲቱ ሐሙስ ነው የምትመጣው።» ሰረዝኩት። ረቡዕ ብቻ። ረቡዕ ማንም አፍ ውስጥ ቢገባ ረቡዕ ሆኖ ይወጣል።

ሰዓቱ ግን አስቸገረን። አሥራ ሁለት ሰዓትን ማን ሊያይ? ሰዓት ያለው ሰውም ሰዓቱ የታሰረበትን ክንድ እንኳ አያይም። ጎህ ሲቀድ ብንልም ግማሾቹ ጎሁን አያዩትም። ያኔ ነው አያቴ በትሩን መሬት የመታው። ሞተራችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚነሳው፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ሰፈሩ በሙሉ ልጁን ለትምህርት የሚቀሰቅሰው በሱ ነው። «ወፍጮው ከመጮኹ በፊት በይ» አለኝ። አውቶብሱም የሚቆመው እኛው በር ላይ ነው። ነርሷ አጨበጨበች። እኔ አያቴን ግንባሩን ሳምኩት። ሦስታችንም በጣም ብልህ የሆንን መሰለን።

ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ጡሩምባ አንድ እግሩን ጎማ ላይ አድርጎ እየጠራ ነበር። ቀስ ብዬ አነበብኩለት፤ ከኔ ተቀብሎ ሲያነበው ግን ሁለት መስመር ሳይጨርስ ትንፋሹ አለቀ። አንዱ መስመር በአንድ ትንፋሽ እንዲያልቅ ቆራርጪው አለኝ። ከዚያ ማንን እንደሚመለከት ለምን መጨረሻ ላይ እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። ወደ ተሳፋሪዎቹ በአገጩ እያሳየኝ፣ ሰው የራሱ ከተማ ስም እስኪጠራ ድረስ ጆሮው ተኝቷል አለ፤ መጀመሪያ ስሙን ጠርተሽ አንቂው፣ ከዚያ ንገሪው። ወዲያው ለማሳያ አንድ ከተማ ጠራ። አንቀላፍታ የነበረች ሴትዮ ጥቅልሏን ይዛ ዘላ ተነሳች። ወደዚያ የሚሄድ መኪና አልነበረም። ሴትዮዋ እስካሁን እየረገመችው ይመስለኛል።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሚያወሩት ስለ ውሃ ቧንቧ ነበር፣ ስለ ውሃ ሲያወሩ ደግሞ ማንም ዝም አይልም። ማስታወቂያ በደንቡ የሚነበበው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ወንበር እያንኳኳ ሲነሳ ነው። ወደ ሰብሳቢው ሄጄ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ሳይመሽ ቤታቸው ለመግባት ቀድመው እንደሚወጡና በኋላ ጡሩምባ ለባዶ ወንበር እንደሚያነብ ነገርኩት። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ምላስሽን ለቧንቧው ብናውለው ውሃ ባልጠፋ» አለና ጡሩምባን አስቀድሞ ጠራው።

ጡሩምባ ማይኩን ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ።

«ዓይናችሁን ለመታከም የተመዘገባችሁ፣ ስሙ።»

እንዲህ ብሎ ዝም አለ። ዝም በል ብዬ አልጻፍኩለትም፣ እሱ ነው ያመጣው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ወደ ሰዉ እያየሁ ነበርና ያየሁትን አልረሳውም። በየአግዳሚው ላይ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ አንገቶች ቀና አሉ። የሚያዩት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እነዚህ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን አዞሩ። አጠገባቸው የነበሩት ይህን ሲያዩ እነሱም ዝም አሉ። ዝምታው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲተላለፍ፣ ጣራው ላይ ስትሄድ የነበረች ርግብ ጥፍሯ ተሰማ። በወረቀት ላይ የጻፍኳቸው ቃላት እንዲህ ያለ ቦታ ሊገቡ ነው።

«የተነገራችሁ ቀን ተቀይሯል። የድሮውን እርሱት።

አዲሱ ቀን ረቡዕ ነው።

አውቶብሱ የሚቆመው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው።

ረቡዕ። ወፍጮው ከመጮኹ በፊት።»

ከንፈሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ረቡዕ፣ ረቡዕ ይላሉ ያለ ድምፅ። አናጢው በጣቱ ጉልበቱ ላይ ሚስማር እንደሚመታ ይመታል፤ ረቡዕ፣ ረቡዕ። ሆነልን ብዬ ልተነፍስ ስል ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ፣ ቅመም ሻጯ አሮጊት፣ ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ።

«እንዲያው ለመጠየቅ ያህል» አሉ፣ «ባለወፍጮውም ከኛ ጋር አይደል የሚሄደው? ታዲያ ረቡዕ ወፍጮውን ማን ሊያስጮኸው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አያቴን አየሁት፣ አያቴ እኔ ወዳለሁበት ዞረ። እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ያ ሞተር ሳይጮኽ የነጋ ቀን አላውቅም። አያቴም አያውቅም። ሁለታችንም ፀሐይ የማትወጣበት ቀን እንደማይታሰበን፣ ሞተሩ የማይጮኽበት ማለዳ አልታሰበንም ነበር። በፊት ማለት ደግሞ ከምን በፊት? የማይመጣ ነገር በፊትም የለውም። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ድምፁን ሲጠብቅ አውቶብሱ በዝምታ መጥቶ በዝምታ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳቁ ሲያልቅ የመጣው ነው። ሁሉም መላ መስጠት ጀመረ። አንዱ ማክሰኞ ማታ እዚሁ እንደር ይላል። ሌላው ቀኑ ይቀየር ይላል። አንዷ ደግሞ በግልጽ፣ በሚያምር ድምፅ፣ «ዓርብ ስምንት ሰዓት ይሻለን ነበር» አለች። ከወረቀቱ ላይ ሰርዤ ያጠፋሁት ዓርብ ይኸው በእግሩ ሄዶ መሃል አዳራሹ ላይ ቁጭ አለ። የአናጢው ጣት ጉልበቱ ላይ ቆመ። ምን ሊይዝ እንደሆነ አላወቀም።

አያቴ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። በወንበሮቹ መሃል በእጁ እየዳሰሰ ጡሩምባ ጋ ደረሰና፣ «ወረቀቱን ቅደደው» አለው። ጡሩምባ ግራ ገባው። «ማይኩ አጠገብ ቅደደው።» ቀደደው። ያ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ አዳራሹን ከላይ እስከ ታች እንደ ሸራ ሲተረትረው፣ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ።

«ወፍጮው ይጮኻል» አለ አያቴ። «ልጅቷ ታስነሳዋለች።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። ያንን ሞተር እንዳልነካ ገና በእግሬ ሳልሄድ ጀምሮ ተነግሮኛል። እሱ ግን ቀጠለ፤ ቀበቶው እንደሚወጣ፣ ድንጋዩ እንደማይዞር፣ ሞተሩ ብቻ እንደሚሠራ፣ ነዳጁ ማክሰኞ እንደሚሞላ፣ ይህ ሞተር በየትኛው ዘመን እንደተገዛ… ከንፈሮች መንቀሳቀስ አቆሙ። አንገቶች ወደቁ። ያ የነቃ ጆሮ ሁሉ ዓይኔ እያየ ተመልሶ ሲተኛ ታወቀኝ። እንግዲህ አያት አያት ነው፣ ሰው ፊት አይቋረጥም። እኔ ግን አቋረጥኩት።

«አባባ፣ በቃ፣ ረዘመ» አልኩና ማይኩን ወሰድኩ።

ከፊት የተቀመጡት እናቶች በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ምንም የተጻፈ አልነበረኝም። ወረቀቱ እግሬ ሥር ተቀዶ ወድቋል። ሰዓት ማለት አያስፈልገኝም፣ በፊት ማለትም አያስፈልገኝም። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

«ረቡዕ» አልኩ። «ወፍጮው ሲጮኽ፣ ውጡ።»

ዝም አልኩ። ዝምታውን ከጡሩምባ ተምሬዋለሁ። ከዚያ ጠየቅኳቸው። «መቼ?»

መጀመሪያ የመለሱት ቅመም ሻጯ ናቸው፤ «ረቡዕ።» ቀጥሎ አናጢው። ቀጥሎ ከየጥጉ። «ምን ስትሰሙ?» አልኩ። «ወፍጮ» አሉ። ደግሜ ጠየቅኩ። ሁለተኛው ላይ የማያማቸውም ሰዎች አብረው መለሱ፤ ባለዓይኑም፣ ሕፃኑም፣ ሰብሳቢውም በመነጽሩ እያየኝ። «ረቡዕ» ሲሉ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አንድ ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ እንዲህ ገዝፎ ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። ምላሴን ግን አልነካውም፣ «ዓርብ ያለችው ሴትዮም ትመልስ» አልኩ፣ እሷም «ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ አንቺ መዓተኛ» አለችኝ።

ማክሰኞ ማምሻውን አያቴ እጄን ይዞ ሞተሩ ላይ አሳረፈው። ትንፋሽ ማስለቀቂያውን ማንሻ አሳየኝ፤ መጀመሪያ እሱን ታነሺዋለሽ፣ በእጀታው ታዞሪዋለሽ፣ ከባዱ መዘውር በራሱ መሮጥ ሲጀምር ማንሻውን ታወርጂዋለሽ። አውራ ጣቴን እጀታው ላይ እንዳልጠቀልለው ሦስቴ ነገረኝ፤ ወደኋላ ቢመልስ ጣት ይሰብራል። ቀበቶውን አብረን አወጣነው። ያንን ሸሚዙን የቀደደውን ቀበቶ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሲሰቅለው፣ አንድ ጊዜ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ እንደ ባለጌ በሬ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋጋ አውቶብሱ ፊቱን አብርቶ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ነርሷ ወረደች። ከሾፌሩና ከሷ ሌላ አንድም ሰው የለም። መንገዱ ጥቁር ነበር፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። አያቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በአውቶብሱ በር አጠገብ ቆመ፤ መወጣጫውን በበትሩ ዳሰሰው እንጂ አልረገጠውም።

ማንሻውን አነሳሁ። እጀታው አልነቃነቅ አለኝ። በሁለት እጄ አዞርኩት፣ ፈጠነ ብዬ ማንሻውን ባወርደው አንድ ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ደገምኩ። አሁንም አስሎ ዝም። ከውጭ ሾፌሩ ብዙ መቆም እንደማይችል፣ ሌላ ሰፈርም እንደሚጠብቀው ሲናገር ይሰማኛል። ክንዴ ዝሏል። አያቴ ከደጅ ሆኖ ሁሉንም እየሰማ ነበር። «አትቸኩዪ» አለኝ፤ «እሱ ራሱ ይነግርሻል።» ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደነሱ። አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ መዘውሩ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ከዚያ ማቃሰቱን ይተውና መዘመር ይጀምራል፤ ሲዘምር ማንሻውን ለቀቅኩት።

ዱም። ዱም። ዱም ዱም ዱም።

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የዓመት ዱቄት ከጣራው ላይ ረገፈብኝ። ነጭ ሆኜ ወደ ደጅ ወጣሁ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሞተሩ ብቻ ያንኑ አንድ ቃል ይላል፣ ይደግመዋል፣ ይደግመዋል። እኔ አንድ ጊዜ ያነበብኩትን ማንም ተመልሶ ሊሰማው አይችልም ነበር፤ ይህ ግን ሳይደክመው ለሁሉም እኩል ይደግምላቸዋል። ከዚያ በዳገቱ ላይ አንድ በር ተከፈተ። የበር ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ በር። ቀጥሎ የበትር ድምፅ ድንጋይ ላይ። ሰማዩ ጠርዙ ላይ እንደ ወተት ሲነጣ አየኋቸው፤ ከየጉራንጉሩ ይወጣሉ። አንዱ የአንዷን ትከሻ ይዟል፣ አንዷ ግድግዳ ትዳብሳለች፣ አንዳንዱን የልጅ ልጁ ይመራዋል፣ አንዳንዱ ማንም ሳይመራው ይመጣል። ፊታቸው ሁሉ ወደኔ ነው። ወደኔ አይደለም፣ ወደ ድምፁ ነው። ከጨለማ ውስጥ እነዚያ ሁሉ የተጨፈኑ ፊቶች ወደ አንድ ቦታ ዞረው ይመጣሉ። ምድር ራሷ ተነስታ የምትመጣ ነው የመሰለኝ።

አያቴ በሩ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን በድምፁ ይቀበላል። «እንደምን አደርክ» ሲሉት ማን እንደሆነ ያውቃል። ቅመም ሻጯ ሲደርሱ፣ «አስጮኸችው ወይ?» አሉት። «ሰፈሩን አፈረሰችው እንጂ» አለ። ነርሷ በየወንበሩ እያስገባች ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ታብሳለች፣ ወደኔም በስርቆሽ ታያለች።

አውቶብሱ ሞላ፤ አያቴ ግን ከመሬት አልተነቃነቀም። አናጢው የለም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፣ የሱ ሞተር ድምፅ በኛው ተውጦ አልተሰማም። ነርሷ የአያቴን ክንድ ያዘች፣ እሱ ቀስ ብሎ እጇን አወረደ። «አንድ ቀርቷል» አለ፤ በዚያ በቀስታው ድምፅ። እኔ ወደ ወንዙ ልሮጥ ጫማዬን ስፈልግ አያቴ በድንገት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ያ ሁሉ ሞተር እየጮኸ ምን እንደሰማ አላውቅም። ከድልድዩ ወዲህ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አናጢው የመሣሪያ ሳጥኑን ጨምሮ ይዞ እየመጣ ነበር። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጓል፤ እንደ ዶሮ። ሳጥኑን ለምን እንደያዘ ነርሷ ስትጠይቀው፣ ሲመለስ ከመንገድ ጀምሮ ሥራ ሊይዝ እንደሆነ ነገራት።

እሱ ከገባ በኋላ አያቴ መወጣጫውን በበትሩ ፈለገው። አንድ እግሩን አሳረፈ። ሁለተኛውን አነሳ። በሩ ተዘጋ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምናልባት አንድ ሰው እንዳለ፣ ምናልባት አንዷ ገና ነጠላዋን እየፈለገች እንደሆነ ብዬ ሞተሩን ማጥፋት አልሆነልኝም። አውቶብሱ ትንሽ ሄዶ ቆመ። በመስኮቱ የአያቴ ራስ ወጣ፤ ወደኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ወፍጮው እያየ።

«አጥፊው፣ አንቺ ልጅ» አለ። «ሰምተናል።»